ቻትጂፒቲ የማንን እንጀራ ነው የሚነካው? ጅማ ካለ የጽሑፍና የትርጉም ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሑፍ፣ የኮፒና የትርጉም ቤት አለኝ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ደግሞ ሲያሻው የሚያኮርፍ ፕሪንተር። ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ ወሬ አይጠፋም። ድሮ ወሬው ስለ ኳስና ስለ ቡና ዋጋ ነበር፤ አሁን ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው። "ይሄ ኤአይ የሚሉት ሥራችንን ሊወስድ ነው እንዴ?" ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከራሴው ጠረጴዛ የተነሱ ናቸው። ከሩቅ ከሰማሁት በእጄ የያዝኩትን ባወራ ይሻላል።

በጣም የሚነኩት የትኞቹ ሥራዎች ናቸው?

ጽሑፍ ገብቶ ጽሑፍ የሚወጣባቸው። የቢሮ ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ ለደንበኛ ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ሠራተኛ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ የተለመደ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራመር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ጥናት ከሁሉም የሥራ ዘርፎች ፊት የቆመው የጽሕፈትና የመዝገብ ሥራ ነው። በዚህ ዘርፍ ካሉት ተግባራት 24 በመቶው ከፍተኛ፣ ሌላ 58 በመቶው ደግሞ መካከለኛ ተጋላጭነት አለባቸው ይላል። ሌሎቹ ዘርፎች አጠገቡም አይደርሱም።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው። ማሽን ሊተካው የሚችለው ሥራ በሀብታም አገሮች ከጠቅላላው ሥራ 5.5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በድሃ አገሮች ግን 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው "እሰይ፣ ተርፈናል" የሚሉ አሉ። አልተረፍንም። ቁጥሩ ያነሰው መጀመሪያውኑ የቢሮ ሥራ ስለሌለን ነው። ያለችው ትንሽ ሥራ ግን እዚያው ተጋላጭ ሰልፍ ውስጥ ነች። በተለይ ለሴቶች። የጽሕፈት ሥራ በብዛት የሚሠሩት እነሱ ስለሆኑ ተጋላጭነታቸው ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነው። እኔም ቤት ካሉት ሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

"ተጋላጭ" ማለት ከሥራ መባረር ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ2023 የወጣ አንድ በስፋት የሚጠቀስ የአሜሪካ ጥናት ቃሉን እንዲህ ነው የተጠቀመበት፦ አንድ ተግባር ተጋላጭ የሚባለው፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል ጥራቱ ሳይጓደል ተግባሩ የሚወስደውን ጊዜ ቢያንስ በግማሽ መቀነስ ሲችል ነው። የተለካው ጊዜ ነው እንጂ ሰው አይደለም። በዚህ መለኪያ ከአሜሪካ ሠራተኞች 80 በመቶ ያህሉ ከሥራቸው ቢያንስ አንድ አሥረኛው ይነካል። ግማሽና ከዚያ በላይ የሚነካባቸው 19 በመቶ ያህል ናቸው።

ሥራን እንደ አንድ ድፍን ነገር ማየት አያዋጣም። ሥራ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ማሽኑ የሚገባው በአንዱ ቀለበት ነው። እዚያ ሲፈጥን ጫናው ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ጥያቄው "ተርጓሚ ይጠፋል ወይ?" ከሚሆን ይልቅ "ተርጓሚ ከሚሠራቸው አምስት ስድስት ነገሮች መጀመሪያ የትኛው ሄደ?" ቢሆን ይሻላል።

እናንተ ቤት መጀመሪያ የሄደው ምንድን ነው?

የተማሪዎች እንግሊዝኛ። አካባቢያችን የተማሪ ሰፈር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰዋስው ማስተካከል፣ አብስትራክት ማሳጠር፣ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ገቢ ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ እስከ ማታ እንሠራ ነበር። አሁን ተማሪው ያን ሁሉ በስልኩ ጨርሶ ይመጣና "ፕሪንት ብቻ" ይለኛል።

ለምን እሱ ቀድሞ ሄደ? ሦስት ነገር ስለገጠመ ይመስለኛል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ሞዴሎቹ በብዛት የተማሩት በሱ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ከወረቀት የሚገለበጥ ነገር የለም። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። ስህተት ቢኖር የሚጎዳው ራሱ ተማሪው ነው፤ ኃላፊነቱን ለመውሰድ ማኅተም የሚመታ ሰው አያስፈልግም። እነዚህ ሦስቱ የተገናኙበት ተግባር በየትኛውም ሙያ ቢሆን ቀድሞ ይሄዳል።

ቀጥሎ የተነካው ሲቪ ነው። ከዚያ የአማርኛ ማመልከቻ። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በኤአይ የተጻፈ የአማርኛ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ገና ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቅበታል። "ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ" ብሎ ይጀምራል። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት! እኛ ጋ ማመልከቻ "ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመጠየቅ" ይልና "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብሎ ይገባል። መዝገብ ቤት ያሉት ሰዎች የለመዱት ይህን ነው። ሌላውን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፣ አንዳንዴም "ቀይረህ አምጣ" ይላሉ።

ትርጉምስ? አንድ ሰነድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያሳዩን?

ጫልቱ እንበላት። ነርስ ናት፣ ውጭ አገር ሥራ ልታመለክት ሦስት ገጽ ሰነድ ይዛ መጣች። የልደት ማስረጃ አለ፣ ሁለት ገጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ። ሁሉም በአማርኛ፣ የሚፈለገው በእንግሊዝኛ ነው።

ድሮ ይህን በእጄ ስሠራ እንዲህ ነበር። አንብቦ መረዳት 15 ደቂቃ፣ መተርጎም 90 ደቂቃ፣ ገጹን እንደ ዋናው ማስተካከል 20፣ ከዋናው ጋር ማመሳከር 25። በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል። አሁን የትርጉሙ ረቂቅ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ነገር ግን መጀመሪያ አማርኛውን በኮምፒውተር መጻፍ አለብኝ፤ ሰነዱ ያረጀ ነው፣ ግማሹ በእጅ የተሞላ ነው፣ ከፎቶ በቀጥታ ሲነበብ ቃል ይበላሻል። ይህ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ገጽ ማስተካከሉ ያው 20 ነው። ማመሳከሩ ግን ከ25 ወደ 45 አደገ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ከ90 ወደ 5 የወረደው አንዱ ቀለበት ነው፤ ሥራው በሙሉ ሲታይ ያተረፍኩት 40 በመቶ ነው፣ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ማመሳከሩ ለምን አደገ? የድሮ ስህተት ስህተት ይመስል ነበር። ፊደል ይዘለላል፣ መስመር ይደገማል፤ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። የማሽኑ ስህተት ግን ካባ ለብሶ ነው የሚመጣው። በጫልቱ ሰነድ ላይ አራት አገኘሁ።

አንደኛው የልደት ቀን ነው። መስከረም 12 ቀን 1988 ይላል። ረቂቁ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1995 አለ። ዓመቱ ትክክል ነው፣ ወሩም ትክክል ነው፣ ቀኑ ግን በአንድ ጎድሏል። 1987 ጳጉሜ 6 የነበረበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የ1988 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር፣ እንደ ወትሮው 11 ላይ አይደለም። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 23 ነው። ፓስፖርቷ ላይ ያለውም እሱ ነው። በአንድ ቀን ልዩነት የሁለት ሰነድ ባለቤት ሁለት ሰው ሆና ትታይ ነበር። እኔ አሁን ቀን በሙሉ በሠንጠረዥ ነው የማየው፤ የሞዴሉን አላምንም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ደብዳቤው "ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ትሠራለች" ይላል። ረቂቁ 2 ሰዓቱን እንዳለ ወሰደና ከሌሊቱ ጀምራ የምትሠራ አደረጋት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ8 እስከ 5 ነው። ይህ ስህተት ሁልጊዜ አይመጣም፤ አንዳንዴ አስተካክሎ ያመጣል፣ አንዳንዴ አያመጣም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነበር። "በተጠባባቂ የክፍል ኃላፊነት" የሚለው እንግሊዝኛው ላይ "የክፍል ኃላፊ" ሆነ። "ተጠባባቂ" የምትለው ቃል ጠፋች። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ያምራል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። ግን ያልነበራትን ሹመት ሰጣት። አሠሪው ደውሎ ቢያጣራ ውሸታም የምትባለው ጫልቱ ናት፣ ማኅተሙ ግን የኔ ነው።

አራተኛው ማኅተም የተደፋበት የመዝገብ ቁጥር ነው። ሁለቱ አኃዝ አይነበቡም፤ እኔም ስጽፈው በነጠብጣብ ነበር የተውኩት። ረቂቁ ሙሉ ቁጥር ይዞ መጣ! ከየት አመጣው? ከየትም። ባዶ ቦታ ሲያይ መሙላት ይወዳል። ሰው ተርጓሚ "አይነበብም" ብሎ ይጽፍና ያልፋል።

ሞዴሎቹ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ላይ ደካማ ስለሆኑ እኛ አንነካም ይባላል። እውነት ነው?

መዘግየት ነው እንጂ መትረፍ አይደለም። ለማስታወስ ያህል፣ ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በፈረንጆቹ 2016 ነው፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2022። በመካከላቸው ስድስት ዓመት አለ። የቋንቋ ሞዴሎቹም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የመጡብን፦ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ አማርኛ፣ ከዚያ አፋን ኦሮሞ።

ምክንያቱ በዋናነት ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ መጠን ነው። አማርኛ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሞዴሉ ጽሑፍ የሚያነበው በትንንሽ ቁርጥራጭ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ሲሆን የግዕዝ ፊደል ግን ይሰባበራል። ያው ደብዳቤ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ቁራጭ ይሆናል፣ ስለዚህ ይዘገያል፣ በክፍያ የሚጠቀም ሰው ላይም ዋጋው ይጨምራል።

አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ጣጣ ይቀልለታል። እዚያ ያለው ችግር ሌላ ነው። አንድ ፊደል ሲደረብ ትርጉም ይለወጣል። `lafa` መሬት ነው፣ `laafaa` ግን ለስላሳ ወይም ደካማ። ሰው በስልክ ሲጽፍ ፊደል ይቆጥባል። የመሬት አቤቱታ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲበላሽ እኔ ከዙሪያው ተረድቼ አስተካክለዋለሁ፤ ሞዴሉ አንዳንዴ ያየውን እንዳለ ይተረጉማል።

ለዚህ ነው ፍርድ ቤት የሚሄድ የአፋን ኦሮሞ አቤቱታ እስካሁን ከቤቴ ብዙም ያልተነካው። ደግሞ የአቤቱታ ሥራ ግማሹ መጻፍ አይደለም። ከገጠር የመጡ አባት ከፊቴ ይቀመጣሉ። ከአያታቸው ጀምረው ነው የሚያወሩት። እኔ እያዳመጥኩ "አባቴ፣ አጥሩ የተነሳው መቼ ነው? ማን አየ?" እያልኩ ፍሬ ነገሩን አወጣለሁ። ጽሑፉ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ነው።

ጀማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። እኔስ?

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን የሚያሳስበኝ አንተ ነህ። በጥናት የታዩት ነገሮች ላይ ላዩን ይጋጫሉ። አንድ የደንበኞች አገልግሎት ድርጅት ውስጥ 5,179 ሠራተኞችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ኤአይ ሲሰጣቸው በሰዓት የሚፈቱት ችግር በአማካይ 14 በመቶ አደገ፤ የጀማሪዎቹ ግን 34 በመቶ። ነባሮቹ ብዙም አልተለወጡም። መሣሪያው የጎበዞቹን ልምድ ለጀማሪው እያቀበለ ነበር።

ደስ ይላል። ግን ይህ ቀድሞ ለተቀጠረ ሰው ነው። በ2025 የወጣ የአሜሪካ የደመወዝ መረጃ ጥናት ደግሞ፣ በጣም ተጋላጭ በሆኑ ሙያዎች ውስጥ ከ22 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ቅጥር ከሌሎቹ አንጻር 13 በመቶ ቀንሷል ይላል። በዚያው ሙያ ውስጥ ያሉ ነባሮች ግን አልተነኩም።

እኔ ቤት የማየው ይህንኑ ነው። ድሮ አዲስ ልጅ ስቀጥር ረቂቅ እንድትሠራ እሰጣት ነበር። እሷ ትተረጉማለች፣ እኔ በቀይ አርማለሁ። በስድስት ወር ትለምዳለች። አሁን ረቂቁን ማሽኑ ይሠራዋል። ለልጅቷ የቀረው ማመሳከር ነው፤ ማመሳከር ደግሞ "ተጠባባቂ" መጥፋቷን የሚያይ ዓይን ይጠይቃል። ያ ዓይን የሚመጣው መቶ ረቂቅ በመሥራት ነበር። የመውጫው መሰላል የታችኛው ደረጃ ተነቅሏል ማለት ነው። በበኩሌ አዲሷ ሠራተኛዬ በሳምንት ሁለት ሰነድ በእጇ እንድትተረጉም አደርጋለሁ፣ ከዚያ ከማሽኑ ጋር ታስተያያለች። ጊዜ ይበላል። ሌላ መላ ግን አላገኘሁም።

ማሽን እየሠራው ለምን ያንኑ ዋጋ ትጠይቀኛለህ?

ይህ ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል። እኛ ሰፈር የትርጉም ዋጋ የሚቆጠረው በገጽ ነው። ደንበኛው የሚያየው ገጽ ነው፣ ገጹ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ወጣ። ስለዚህ "ግማሹን ቀንስ" ይላል። ግማሹን ብቀንስ፣ ጊዜዬ የቀነሰው 40 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ሰዓት የማገኘው ከድሮው ስድስት እጅ አምስቱ ይሆናል። ከስሬ ነው የምሠራው።

ጎረቤቴ አንዱ ዋጋውን በግማሽ ጣለው። እንዴት አዋጣው ብትሉ፣ ማመሳከሩን ትቶት ነው። ለጥቂት ወራት ደንበኛ ሁሉ ወደሱ ሄደ። አሁን የተመለሰባቸውን ሰነድ ይዘው ወደኔ የሚመጡ አሉ። እኔ በበኩሌ ዋጋውን ሁለት ቦታ ከፈልኩት። ረቂቅ ብቻ የሚፈልግ፣ ማኅተም የሌለው፣ በርካሽ ይወስዳል። ተመሳክሮ ፊርማና ማኅተም ያለበት ዋጋው አልቀነሰም። ብዙ ሰው ይነጫነጫል፣ ከዚያ ማኅተም ያለበትን ይመርጣል።

ባጃጅ ነጂስ? ቡና ቀማሽስ? ነጋዴስ?

ባጃጅ ነጂን የቋንቋ ሞዴል ምን ያደርገዋል? ምንም። ቡና ቀማሹም ማንኪያውን ይዞ እየማገ ይቀጥላል፣ ምላስና አፍንጫ በጽሑፍ አይተካም። የቡና ላኪው ቢሮ ውስጥ ግን ለውጭ ገዥ ኢሜይል የምትጽፈው፣ ውል የምታዘጋጀው ልጅ ከኔ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ናት። አንድ ቡና፣ አንድ ድርጅት፣ ግን ሁለት የተለያየ ዕጣ።

ሰነዴን ራሴ በስልኬ ብተረጉመውስ?

ተርጉመው፣ ማንም አይከለክልህም። ለራስህ እንዲገባህ ከሆነ በቂ ነው። ለኤምባሲ ወይም ለአሠሪ ከሆነ ግን ከማስገባትህ በፊት አራት ነገር ዋናውን አጠገብህ አስቀምጠህ በጣትህ እየነካህ እይ፦ ቀኖች፣ ሰዓቶች፣ ቁጥሮች፣ የሥራ መደብ ስሞች። ስምህ ከፓስፖርትህ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። `Caaltuu` እና `Chaltu` ለኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለቪዛ ቢሮ ኮምፒውተር ግን ሁለት።

ሌላው ደግሞ፣ ነጻ መተግበሪያ ላይ የምትጭነው ፎቶ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። የሐኪም ወረቀትና የባንክ መግለጫ ከሆነ እኔ አልጭነውም። የደንበኛም ሲሆን ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና ስልኩን አውጥቼ በምትኩ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ ነው የማስገባው። ከመለስኩት በኋላ በእጄ እሞላዋለሁ። ሦስት ደቂቃ ይጨምራል፤ ከላይ ካልኳችሁ 45 ደቂቃ ውስጥ ተቆጥሯል።